ከንፈሯ ሲገጠም «ም» ማለት፦ አንዲት አጭር አኒሜሽን ወደ አማርኛ ስንመልስ ያየሁት

የስምንት ደቂቃ የአኒሜሽን ፊልም ወደ አማርኛ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ይበቃናል ብለን ጀምረን አምስት ወር ፈጀብን። ከአምስቱ ወር ሦስቱ ያለቁት የሠራነውን በማፍረስ ነው። ድምፅ ቀድተን ጥለናል፣ ስክሪፕት ጽፈን ቀደናል፣ ጨርሰናል ብለን ከተደሰትን በኋላም ግማሹን እንደገና ሠርተናል። ይህን የምጽፈው ዳቢንግ፣ ማለትም የፊልምን ንግግር በሌላ ቋንቋ ቀድቶ መተካት፣ ሊሞክር ያሰበ ሰው እኛ የከፈልነውን ያህል እንዳይከፍል ነው።

ፊልሟ የአንዲት ትንሽ ልጅና የአያቷ ታሪክ ናት። ልጅቷ እግሩ የቆሰለ የቀበሮ ግልገል ታገኝና ከአያቷ ደብቃ ታስታምመዋለች፤ በዚሁ መሀል ሽማግሌው የሚወዱትን አሮጌ ፋኖስ ትሰብራለች። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፣ በጠቅላላው 96 መስመር። እኔ ተርጓሚም አዘጋጅም ነበርኩ፤ ልጅቷን የምትጫወት አንዲት ተዋናይ፣ አያትየውን የሚጫወት አንድ ተዋናይና አንድ የድምፅ ባለሙያ ነበሩን።

ከመጀመራችን በፊት በደንብ ያደረግነው ሁለት ነገር ቢኖር ፈቃዱንና ድምፁን መጠየቃችን ነው። ፊልም በነፃ ተለቋል ማለት ደብ ይደረጋል ማለት አይደለም። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዱ ላይ `ND` የሚሉ ፊደላት ካሉ የተለወጠ ሥራ ማሰራጨት አይቻልም፤ ትርጉም ደግሞ እንደ ለውጥ ይቆጠራል። ባለመብቶቹን ስትጠይቁ በዚያው ደብዳቤ ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ከንግግሩ ተለይተው የተቀመጡበትን ትራክ ጠይቁ። ያ ትራክ ከሌለ እንግሊዝኛውን ስታጠፉት ዝናቡም፣ የእግር ኮቴውም፣ የበሩ ድምፅም አብሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ከግርጌ ጽሑፉ ላይ መተርጎሜ ነው። ጽሑፉን ከፈትኩ፣ በአንድ ምሽት ጥሩ የሚነበብ አማርኛ ጻፍኩ፣ በማግስቱ ተዋንያኑን ጠርቼ ቀረጻ ጀመርን። ልጅቷ አፏን ዘግታ ወደ መስኮቱ ዞራለች፣ የእኛ አማርኛ ግን ገና ግሡ ጋ አልደረሰም። ተዋናይዋ እየተጣደፈች ብትሞክርም ድምፁ ከገጹ ላይ ይተርፋል።

በዚያ ቀን አማርኛ ይረዝማል ብዬ ደመደምኩ። ስህተት ነበር። አማርኛ የሚረዝመው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ስንቀዳው ነው። «አይ ሶው ኢት» የሚለውን «እኔ እሱን አየሁት» ካልነው በእርግጥ ይረዝማል፤ ነገር ግን ማን እንዳየ፣ ምን እንደታየ «አየሁት» ውስጥ አለ። ከስክሪፕቱ ላይ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እሱ» የሚሉትን ትርፍ ተውላጠ ስሞች ብቻ ስሰርዝ ሩብ ያህሉ መስመር በልኩ ሆነ።

ርዝመቱን የምለካበት መንገድም ትክክል አልነበረም። ፊደል እቆጥር ነበር። ፊደል ግን አይለካም፤ «ልብስ» ሦስት ፊደል ሆኖ በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ምት ይወጣል፣ «ደረሰ» ደግሞ ሦስት ፊደል ሆኖ ሦስት ምት አለው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ስለዚህ መስመሩን ጮክ ብላችሁ እያላችሁ ጠረጴዛውን በጣት ምቱ፤ የእንግሊዝኛውንም እንዲሁ። የጠበቀ ፊደል ያለበት ቃል ደግሞ ምቱ እኩል ቢሆንም ጊዜው ትንሽ እንደሚረዝም አስቡ።

ምቱን ካስተካከልን በኋላ ሁለተኛ ሙከራ ቀዳን። አሁን ንግግሩ ከአፉ ጋር ይጀምራል፣ ከአፉ ጋር ያበቃል፤ ሆኖም ሲታይ ልጅቷ የምትናገረው የሌላ ሰው ቃል ይመስላል። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መልሱን ያገኘሁት ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ፊልሟን ፍሬም በፍሬም፣ አንዱን ነጠላ ምስል ከሌላው እየለየሁ፣ ሳያት ነው።

የአኒሜሽን ሠዓሊ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ አፍ አይሥልም። ከስምንት እስከ አሥር በሚሆኑ የአፍ ቅርጾች ንግግሩን ሁሉ ይሸፍናል። ከእነዚህ ውስጥ ተመልካች ዓይን ላይ የሚቀሩት ደግሞ ጥቂት ናቸው። አንደኛው ከንፈር ሙሉ በሙሉ የሚገጠምበት ነው፤ በእኛ ቋንቋ መ፣ በ፣ ጰ እና ፐ። ከእሱ ቀጥሎ የታች ከንፈር ጥርስ የሚነካበት አለ፣ ፈ እና ቨ። ከንፈር የሚሞጠሞጥበት ወ፣ እንዲሁም ካዕብና ሳብዕ፤ አፍ በሰፊው የሚከፈትበት ራብዕ። ተ፣ ደ፣ ሰ፣ ነ፣ ለ፣ ከ፣ ገ፣ ቀ የሚሠሩት ከጥርስ ጀርባ ስለሆነ ማንም ከፊት አይቶ አይለያቸውም፤ አንዱን በሌላው ብንተካ የሚያውቅብን የለም። ይህ ሲገባኝ ሥራው ሁሉ ቀለለ። የእንግሊዝኛውን ድምፅ ሁሉ መከተል አይጠበቅብኝም፤ የገጠመው ከንፈር ላይ የሚገጥም ድምፅ፣ የተከፈተው አፍ ላይ የሚከፍት ድምፅ ማስቀመጥ ነው የሚጠበቅብኝ።

ከዚያ ፊልሟን ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። በሰከንድ 24 ፍሬም ስላለ አንዱ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሰከንድ ነው። የእኛ ፊልም የተሣለችው አንድ ሥዕል ለሁለት ፍሬም እየቆየ ስለሆነ አፉ የሚለወጠው በየ83 ሚሊሰከንዱ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ለማጥራት መጨነቅ ትርፍ የለውም። ለእያንዳንዱ መስመር አፉ የተከፈተበትን ፍሬም፣ ከንፈሩ የገጠመበትን፣ የሞጠሞጠበትንና በመጨረሻ ያረፈበትን በቁጥር ጻፍኩ። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ይህን ለ96ቱም መስመር አታድርጉ። እኔ አድርጌው አሥር ቀን አባክኛለሁ። አፉ ከፊት ለፊትና በቅርበት የሚታይባቸው 23 መስመሮች ብቻ ነበሩ። ለቀሩት፣ ማለትም ጀርባቸውን ለሰጡ፣ ከሩቅ ለሚታዩ፣ ጭራሽ ለማይታዩ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ከገጠመ ይበቃል። በእነዚያ መስመሮች ላይ አማርኛው እንደልቡ ይሁን።

አንዱን መስመር በዝርዝር ላሳያችሁ፤ የቀሩት 22ቱም በዚሁ መንገድ ነው የተሠሩት። ልጅቷ ፋኖሱን ሰብራ አያቷ ፊት ቆማለች፣ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል። የምትለው «አይ ኔቨር ሜንት ቱ ብሬክ ኢት» ነው። ሰባት ምት፣ 38 ፍሬም፣ አንድ ሰከንድ ተኩል አለፍ የሚል ጊዜ። አፏ በሰፊው ተከፍቶ ይጀምራል። 11ኛው ፍሬም ላይ የታች ከንፈሯ ጥርሷን ይነካል። 17ኛው ላይ ከንፈሯ ይገጠማል፣ 27ኛው ላይ እንደገና ይገጠማል፣ 38ኛው ላይ አፏ ያርፋል። ከ8ኛው እስከ 18ኛው ፍሬም ደግሞ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች።

የመጀመሪያው ትርጉሜ «ልሰብረው ብዬ በፍጹም አላሰብኩም» የሚል ነበር። በምት ይረዝማል፤ ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ «አይደለም» የሚለው ሐሳብ የሚሰማው ራሷን መነቅነቅ ካቆመች በኋላ ነው። ራሷ «አይ» ሲል አፏ ገና «ልሰብረው» እያለ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ሁሉም ከንፈሩን ነው የሚያየው። እኔ ግን የከንፈር ስህተት ይታለፋል፣ የአካል ስህተት አይታለፍም ባይ ነኝ። ተመልካቹ ምን እንዳስከፋው ባያውቅም ልጅቷን አያምናትም።

ስለዚህ አሉታውን ወደ ፊት የሚያመጣ አነጋገር ፈለግሁ። አማርኛ ይህንን አያጣም፤ በአፍ ስናወራ ሁልጊዜ እናደርገዋለን። «ሆን ብዬ አይደለም የሰበርኩት» አልኩ። አሁን አሉታው ከራሷ ንቅናቄ ጋር ሄደ፣ «የሰበርኩት» ደግሞ «ብሬክ ኢት» ላይ ወደቀ። አንድ ነገር ብቻ አልተስማማም፤ «ሆ» ከንፈር ያሞጠሙጣል፣ የልጅቷ አፍ ግን በሰፊው ተከፍቶ ነው የሚጀምረው። በቅርበት በሚታይ ፊት ላይ የመጀመሪያው ቅርጽ ካልገጠመ ሌላው ቢገጥምም ጥርጣሬው አይለቅም።

የመጨረሻው መስመር «አውቄ አይደለም የሰበርኩት» ሆነ። በአፍ ሲነገር «አውቄ» እና «አይደለም» ተጣብቀው «አውቄደለም» ዓይነት ስለሚሆኑ ስምንት ምት ብቻ ነው፣ ከእንግሊዝኛው በአንድ ይበልጣል። «አ» የተከፈተው አፍ ላይ ነው። የ«አይደለም» «ም» 17ኛው ፍሬም ላይ፣ ከንፈሯ በገጠመበት ላይ ወደቀ። የ«ሰበርኩት» «በ» 27ኛው ላይ። መጨረሻ ላይ ያለው «ት» ደግሞ እንግሊዝኛው ላይም «ት» ነው። ያልተሟላ ነገር 11ኛው ፍሬም ላይ ያለው የጥርስና የከንፈር ንክኪ ብቻ ነው፤ እሱንም የ«አውቄ» «ው» ከንፈሩን ስለሚያቀራርበው ማንም አላየብንም። እንዲህ ያለ መስመር አንድ ልጅ ሲጨነቅ በእውነት የሚለው ቃል ነው፤ ከንፈር ስለገጠመ ብቻ አይደለም የወደድኩት።

ቀረጻው ላይ አንድ ነገር ተጨመረ። «ሰበርኩት» ላይ «በ» ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከንፈር ተገጥሞ የሚቆየው ሥዕሉ ላይ ካለው ትንሽ ረዘም ይላል። መጀመሪያ ላይ የከንፈሩን መገጠም ከሥዕሉ መገጠም ጋር አጣጣምኩና ልጅቷ አፏን ከከፈተች በኋላ «በ» ሲፈነዳ ተሰማ። መገጠሙ ድምፅ የለውም፣ የሚሰማው መለቀቁ ነው። ስለዚህ በጠበቀ «በ» ላይ የሚለቀቅበትን ቅጽበት አፉ ከሚከፈትበት ሥዕል ጋር አጋጥሙ፤ መገጠሙ ትንሽ ቢቀድም ችግር የለውም።

ይህ መስመር ሌላ ነገር አስተማረኝ። የአማርኛ አሉታ ግሥ ብዙ ጊዜ በ«ም» ያልቃል፤ አልሄድም፣ አላየሁም፣ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ይህ «ም» ጠላቴ ነበር፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛው በተከፈተ አፍ ሲያልቅ እኛ ከንፈር እንገጥማለን። በኋላ ግን ገባኝ፤ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ተናግሮ ሲጨርስ አፉን ይዘጋል። ያ የዕረፍት ሥዕል የተገጠመ ከንፈር ነው። የመጨረሻውን «ም» አፉ ካረፈበት የመጀመሪያ ፍሬም ላይ በትክክል ካስቀመጥነው፣ ሥዕሉ ለእኛ «ም» ተብሎ የተሣለ ይመስላል። አያትየው «ኖት ናው» ብለው አፋቸውን የሚዘጉበት ቦታ ነበር፤ «አሁን አይሆንም» ብለን «ም»ን እዚያ ጣልናት። ከ23ቱ መስመር ሰባቱ በዚህ ብልሃት ተፈትተዋል። የሚያስፈልገው ተዋናዩ «ም»ን ሳይጎትት አጠር አድርጎ እንዲዘጋ መንገር ብቻ ነው።

ከዚያ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ወደቅሁ። ከንፈር ማጋጠም ስለጣመኝ አማርኛውን ማጣመም ጀመርኩ። አያትየው «ሜይቢ ቱሞሮው» ይላሉ፤ ከንፈራቸው ሦስት ጊዜ ይገጠማል። «ምናልባት ነገ» ብል ሁለቱ ብቻ ይገጥማሉ፣ ሦስተኛው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ «ም» ፍለጋ «ምናልባት በማግስቱ» ብዬ ጻፍኩና በውጤቱ ተደሰትኩ። ልጅቷን የምትጫወተዋ ተዋናይ ስክሪፕቱን አንብባ ቀና አለችና «አያት ለልጅ ልጃቸው ‹በማግስቱ› ይላሉ እንዴ? ይሄ እኮ የተረት አማርኛ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። «ምናልባት ነገ» ብለን ተውነው፣ ተዋናዩ ሽማግሌው እንዳሰቡ ሁሉ በመሀል ቆም አለ፣ ያልገጠመውን ሦስተኛ ከንፈር ከእኔ በስተቀር ያየ የለም። ከዚያ ወዲያ አዲስ ልማድ ያዝን፤ የተጠናቀቀ መስመር ሁሉ ሥዕሉ ሳይታይ፣ በድምፅ ብቻ፣ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ይሰማል። አድማጩ «ምን አለች?» ብሎ ከጠየቀ ወይም ግንባሩን ከቋጠረ መስመሩ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ብዙ ዋጋ ያስከፈለንን ስህተት ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም አንድ «ዩ» ነው ያለው። ልጅቷ ግልገሉን 14 ጊዜ ታናግረዋለች። እኔ ሳላስብ ሁሉንም በወንድ ጻፍኩ፤ «ና»፣ «አትፍራ»፣ «ብላ»። ቀዳን፣ ገጠመ፣ አለፍን። የፊልሟ መጨረሻ ላይ ግን ዓመት አልፎ ቀበሮዋ ተመልሳ ትመጣለች፤ ግልገሎቿን እያጠባች። ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሆኖም ሥራዬ መስመር በመስመር ስለነበር ንግግር የሌለበትን ትዕይንት ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። 14ቱም መስመር ወደ ሴት ተመለሰ። የሚያሳዝነው ደግሞ መጨረሻው አናባቢ ሲቀየር አፉም ይቀየራል፤ «አትፍራ» አፍ ከፍቶ ያልቃል፣ «አትፍሪ» ከንፈር ለጥጦ። አንዳንዱ ተሻለ፣ አንዳንዱ እንደገና መጻፍ ነበረበት። «ካም ሂር» የሚለው ላይ «ነይ» ብቻውን ባዶ ሆነብን፤ «ነይማ» ስንለው ግን የልመናው «ማ» የ«ካም»ን የገጠመ ከንፈር አገኘ፣ ልጅቷም ይበልጥ ልጅ ሆነች።

አያትየውን «አንተ» ትበላቸው ወይስ «እርስዎ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እኛ «አባባ» እያለች በ«እርስዎ» እንድታናግራቸው ወሰንን፣ ግን የወሰንነው አሥር መስመር ከተቀዳ በኋላ ስለሆነ «ተቆጣህ?» ያልነው ሁሉ «ተቆጡ?» ሆነ፣ የተከፈተው አፍ ላይ የተሞጠሞጠ ድምፅ መጣብን። አንድ መስመር እንኳ ከመጻፋችሁ በፊት ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተመልከቱና ማን ማንን እንዴት እንደሚያናግር በአንድ ገጽ ጻፉ። ጾታው የማይታወቅ ገጸ ባሕርይ ካለ ባለመብቱን ጠይቁ።

ወደ ቀረጻው ልለፍ። መጀመሪያ ላይ ተዋንያኑን የማስጀምረው በእጄ ምልክት እየሰጠሁ ነበር። ሰው ምልክት አይቶ እስኪንቀሳቀስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ አምስት ፍሬም ማለት ነው። ሁሉም መስመር እኩል ሲዘገይ ጥፋቱን በተዋንያኑ ላይ ጣልኩት፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ባለሙያዎች የሚያደርጉት ከመስመሩ በፊት በየአንድ ሰከንዱ ሦስት ጊዜ «ጢጥ» የሚል ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ማሰማት ነው፤ አራተኛው «ጢጥ» ሊሰማ በሚገባው ቅጽበት ተዋናዩ ይጀምራል። ምልክት አይጠብቅም፣ ምቱን ይዞ ይገባል። ይህን ካደረግን በኋላ አብዛኛው መስመር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ ገባ።

ሌላው፣ ወረቀት እያነበበ የሚቀዳ ሰው ዓይኑ ከሥዕሉ ይነቀላል። አንድ መስመር ሁለት ሰከንድ ነው፤ በቃል ይያዝ፣ ዓይን ገጹ ላይ ይሁን። ተዋናይዋ የልጅቷን ትከሻ እያየች ስትናገር ትንፋሿ ራሱ ተስተካከለ።

ትንፋሽ ካነሳሁ፣ የላኩልን የሙዚቃና የአካባቢ ድምፅ ትራክ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ንግግር ብቻ ሳይሆን ሳቁም፣ ሲቃውም፣ ሲዘሉ የሚወጣው «እህ»ም ተነሥቷል። እኔ ስክሪፕቴ ላይ ቃል ብቻ ስለጻፍኩ ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ሚክስ፣ ድምፆቹን ሁሉ አንድ ላይ ስናዋህድ ነው። ልጅቷ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ ታለቅሳለች፣ የሚሰማው ግን ዝናብ ብቻ ነው። 31 ቃል የሌላቸው ድምፆች ቆጥረን ለብቻ አንድ ቀን ቀዳናቸው። እነዚህ አይተረጎሙም ብላችሁ ግን አትለፏቸው፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲያመው «አው» ብሎ አፉን ይከፍታል፣ የእኛ ልጅ «ውይ» ትላለች። በቅርበት በሚታይ ቦታ «አይ!» አልን፣ በሩቁ «ውይ» ተውነው።

ቀረጻው አልቆ መስመሮቹን ሥዕሉ ላይ ስናስቀምጥ አንድ ሐሳብ ብዙ ድካም ቀነሰልን። መስመሩን በመጀመሪያው ድምፅ አትሰኩት፤ ዋነኛው ከንፈር በሚገጠምበት ስኩት። የ«ሰበርኩት» «በ» 27ኛው ፍሬም ላይ ትቀመጥ፣ መጀመሪያው አንድ ሁለት ፍሬም ቢቀድም ቢዘገይ ግድ የለም። ሁለት ከንፈር ካለና ርቀታቸው ካልተስተካከለ በቃላቱ መሀል ባለው ዝምታ ላይ ቆርጣችሁ አቀራርቡ። ድምፅን በሶፍትዌር መሳብና መጭመቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ከአምስት በመቶ በላይ አልሄድም፣ ከዚያ ካለፈ «ሰ»ና «ሽ» ይበላሻሉ፣ እንደገና መቅዳት ይሻላል።

አሁን ጨርሰናል ባልንበት ቀን የሆነውን ላውራ። ሁሉን አስቀምጠን ዋናው ፊልም ላይ አጣምረን አየነው። መጀመሪያው ፍጹም ነበር። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ትናገራለች። ተዋናይዋ እየቸኮለች ቀድታ ነው ብዬ መስመሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መግፋት ጀመርኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ። እየገፋሁ ስሄድ የምገፋው መጠን በእኩል እየጨመረ መሆኑን ያስተዋለው የድምፅ ባለሙያችን ነው። «ይሄ የሰው ስህተት አይደለም፤ ሰው እንዲህ በሥርዓት አይሳሳትም» አለ።

ምክንያቱ እኔ ነበርኩ። ለቀረጻ እንዲቀልል ብዬ ያዘጋጀሁት ኮፒ በሰከንድ በትክክል 24 ፍሬም ነበር የሚሄደው፤ ዋናው ፊልም ግን 23.976። የፍሬሞቹ ቁጥር አንድ ነው፣ 11,520። በእኔ ኮፒ 480 ሰከንድ ይፈጃሉ፣ በዋናው ግን 480.48። ልዩነቱ በሺህ አንድ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ መጨረሻው ላይ ግማሽ ሰከንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አቅጣጫውም መጥፎ ነበር፤ ድምፁ ከሥዕሉ ይቀድማል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት `BT.1359` በተባለው ምክረ ሐሳቡ እንዳስቀመጠው ሰው ድምፅ ሲቀድም በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስተውለዋል፣ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ ላያስተውለው ይችላል። በዕለት ተዕለት ኑሯችንም ድምፅ ከሩቅ ዘግይቶ ሲደርስ እንሰማለን እንጂ ቀድሞ ሲደርስ አናውቅም።

ፊልሙ እጃችሁ በገባበት ደቂቃ ፍጥነቱን ለማወቅ FFmpeg የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ በኮምፒውተራችሁ ተርሚናል ላይ ይህችን ጻፉ፤ `film.mp4` ያልኩት የፊልሙ ፋይል ስም ነው፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=r_frame_rate -of default=nw=1:nk=1 film.mp4
```

መልሱ `24/1` ከሆነ 24 ነው፤ `24000/1001` ከሆነ 23.976። የምትቀዱበት ኮፒ ላይም ይህንኑ ጻፉና ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። እንደ እኛ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙሉውን የንግግር ትራክ በአንድ ላይ በ1.001 ማስረዘም። በሺህ አንድ የሆነ ለውጥ ጆሮ አይሰማውም። እኛ ግን በእጄ ያንቀሳቀስኳቸውን መስመሮች የበፊት ቦታ የያዘ ፋይል አላስቀረሁም ነበርና ከ40 በላይ መስመር በአዲስ አስቀመጥን። ምንም ነገር ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ።

ልናስረክብ በዋዜማው ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻዬን አየሁት። ሁሉም ድምፅ ዘግይቷል። ከ«ነይማ» ጀምሮ እስከ «ምናልባት ነገ» ድረስ ሁሉም ከአፉ በኋላ ይመጣል። ልቤ ወረደ፣ ጣቴ ትራኩን ሁሉ ወደ ፊት ለመጎተት ተዘጋጀ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ያለው ነገር ትዝ አለኝ፤ ገመድ አልባው የብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ሚሊሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል፤ አንዳንድ ማጫወቻ ሥዕሉንም አዘግይቶ ያካክሰዋል፣ የምንሠራበት ሶፍትዌር ግን አላካካሰም። አወለቅሁትና ባለ ገመዱን ሰካሁ። ልጅቷ አያቷ ፊት ቆማ «አውቄ አይደለም የሰበርኩት» ስትል 27ኛው ፍሬም ላይ አቆምኩት፤ ከንፈሯ ገጥሟል። አንድ ሥዕል ወደ ፊት ገፋሁ፣ ከንፈሯ ተከፈተ፣ «በ»ም እዚያው ላይ ነበረች።